የተንዛዛ የምርት ማስተዋወቂያ ንግግር እንዴት ይቃናል?

አንዲት የአነስተኛ ኩባንያ መሥራች እናስብ። ነዋሪነቷ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ለዕቁብ የሚያገለግል የስልክ መተግበሪያ አሠርታለች፤ በአንድ አዳራሽ ለሚሰበሰቡ ዕቁብተኞች ልታስተዋውቀው ተዘጋጅታለች።

የንግግሯ ረቂቅ 14 ደቂቃ ይፈጃል። በረጅም ምስጋና ይጀምርና ወደ አሜሪካ አመጣጧን፣ የእናቷን ዕቁብ፣ ያልተሳካውን የመጀመሪያ ሙከራ እና የባልደረቦቿን ድካም ይተርካል። 11 አገልግሎቶችንም ይዘረዝራል። መተግበሪያው ምን እንደሚሠራ በግልጽ የሚሰማው ግን በዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነው፦ "ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ ሁሉም አባል በስልኩ ያያል።"

ንግግሩ የተንዛዛው መሥራቿ የምትለው ስላጣች አይደለም። ነገሩን እሷ ባለፈችበት ቅደም ተከተል ስላቀረበችው ነው። ለእሷ ውጤቱ የመጣው ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ ነውና በንግግሩም ወደ መጨረሻው ተገፋ። አድማጩ ግን አስቀድሞ መስማት የሚፈልገው ውጤቱን ነው።

ስለዚህ የአርታኢው የመጀመሪያ ሥራ ቃላት ማሳመር ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን "ይህ የአድማጩን የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል?" ብሎ መጻፍ ነው። የዘጠነኛው ደቂቃ ዓረፍተ ነገር ወደ መክፈቻው ይመጣል፦ "ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባለፈው ወር በዕቁባችሁ ማን እንዳልከፈለ ከጸሐፊው በቀር የሚያውቅ አለ? ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ማየት ትችላላችሁ።" ሰላምታው አልተሰረዘም። ታላላቆች በተቀመጡበት አዳራሽ ያለ ሰላምታ መጀመር እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ይበቃዋል።

11ዱ አገልግሎቶች ወደ ሦስት ነጥቦች እንዴት ይወርዳሉ? ስቲቭ ጆብስ በጎርጎሮሳውያኑ 2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አይፎንን ሲያስተዋውቅ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ስልክ እና የኢንተርኔት መገናኛ ብሎ ሦስት ነገሮችን ጠራ፤ ከዚያም ሦስቱ አንድ መሣሪያ መሆናቸውን ገለጠ። ብዙው ዝርዝር ከእነዚህ በአንዱ ሥር ቦታ ነበረው። በዕቁቡ ንግግርም የክፍያ ማስታወሻው፣ ደረሰኙ እና ወርኃዊ መግለጫው የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ከፈለ? የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ይሆናል። የእናቷ ታሪክም የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ የጸሐፊው ደብተር ጠፍቶ ጎረቤታሞች የተጨቃጨቁበትን ቀን በሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። ሁለተኛው ነጥብ ዕጣው በሁሉም ፊት መውጣቱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ በረቂቁ ውስጥ አልነበረም። ዕቁብተኛ ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው "ገንዘቤ የት ይቀመጣል? ቀድሞ የወሰደው ሰው ቢጠፋስ?" ብሎ ነው። መሥራቿ ይህን ማለፍ የፈለገችው ምላሿ ግማሽ ብቻ በመሆኑ ነው። ሆኖም ካልተነገረ አዳራሹ ስለሌላ ነገር አይሰማትም። የተስተካከለው ንግግር እንዲህ ይላል፦ "ገንዘባችሁ በእኛ እጅ አያልፍም፤ ከአባላት በቀጥታ ዕጣ ለወጣለት ሰው ይላካል። ወስዶ የሚጠፋ ቢኖር ተጠያቂው እንደ ቀድሞው ዋሱ ነው። መተግበሪያው የዋሱን ስም ይመዘግባል፣ ዕዳውን ግን አይከፍልም።" አርታኢ ለዚህ የሚሆን እውነተኛ ምላሽ ባያገኝ ኖሮ በቃላት ሊሸፍነው አይገባም ነበር፤ ችግሩ ያኔ የንግግሩ ሳይሆን የምርቱ ይሆናልና።

ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሮቹ ይታያሉ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። "ችግሩን አይተን፣ ተወያይተን፣ ባለሙያ አማክረን፣ ብዙ አማራጭ ፈትሸን ይህን መተግበሪያ ሠራን" ሲባል አንባቢ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይችላል፤ አድማጭ ግን ሁሉንም ተሸክሞ "ሠራን" እስኪባል ይጠብቃል። "መተግበሪያውን ሠራን። ሦስት ዓመት ፈጀብን" ማለት ይቀለዋል።

መዝጊያው አንድ ጥያቄ ብቻ ይይዛል። በረቂቁ ምስጋና፣ የወደፊት ዕቅድ፣ እንደገና ምስጋና ተከታትለው ንግግሩ ሦስት ጊዜ ያለቀ ይመስል ነበር። አሁን ምስጋናው በአጭሩ ይቀድምና የመጨረሻው ቃል ይህ ይሆናል፦ "የዕቁብ ዳኞች፣ ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ዕቁባችሁን አስመዝግቡ።"

ንግግሩ አሁን ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። መሠመሩን ለማወቅ ምርቱን አይቶ ለማያውቅ ሰው ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ በማግስቱም ደውሎ ምን እንደሚያስታውስ መጠየቅ ይበጃል። ስለ ደብተሩ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ታሪኩ ነጥቡን ውጦታል ማለት ነው፤ የበለጠ ይታጠር። ስለ ዋሱ ራሱ ጥያቄ ካነሳ ግን ሦስተኛው ነጥብ ደርሶታል።