ኪራዩን ማን ቆጠረው?

«ድህነት ቀነሰ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ከታክሲ ሰልፍ እስከ ለቅሶ ድንኳን የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የማን ድህነት? ጠያቂው ኪራይ በተጨመረበት ማግስት የጤፍ ዋጋ የጠየቀ ሰው ነው። ባለሙያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ይገላገለዋል፦ አንተ የምታወራው ስለ አንጻራዊ ድህነት ነው፣ መንግሥት የሚለካው ግን ፍጹም ድህነትን ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። መልሱ የተማረ ሰው መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ስህተት ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙትም እዚያው የድህነት ወለሉ ስሌት ውስጥ ነው።

የብሔራዊ ፕላን ኮሚሽን በ2008 ዓ.ም. የተሰበሰበውን የቤተሰብ ፍጆታ መረጃ ይዞ ባወጣው ሪፖርት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ 23.5 ከመቶ ነው ተባለ። በ1988 ዓ.ም. 45.5 ከመቶ ነበር። ክርክሩ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዙሪያ ሲዞር ወለሉ ራሱ ተረሳ። ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር፣ በወር ወደ 599 ብር ማለት ነው። ከዓመቱ ገንዘብ ውስጥ 3,772 ብሩ የምግብ ነው። ይህኛው ክፍል አያከራክርም፤ ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ከሚመገቡት ተነስቶ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ የምግብ ዝርዝር ይዘጋጃል፣ ከዚያም በገበያ ዋጋ ይተመናል።

የቀረው 3,412 ብር ከየት መጣ? አብዛኛው ሰው፣ በሬዲዮ ቀርበው የሚያብራሩትም ጭምር፣ ለኪራይ ይህን ያህል፣ ለሳሙና ይህን ያህል፣ ለደብተር ይህን ያህል ተብሎ ተደምሮ የተገኘ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። የሚጠየቀው፣ ዝቅተኛ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው ስንት እጁን ለምግብ ያውላል የሚል ነው፤ የምግቡ ወለል ለዚያ ድርሻ ሲካፈል ጠቅላላው ወለል ይገኛል። 3,772ን ለ7,184 ያካፈለ አንባቢ 52.5 ከመቶ ያገኛል። ኪራዩን፣ መድኃኒቱን፣ ትራንስፖርቱንና የእድር መዋጮውን ለየብቻ የቆጠራቸው የለም፤ ሁሉም ምግቡን ተከትለው በጅምላ የገቡ ናቸው። በወር 284 ብር።

አሁን ስሌቱን በተቃራኒው እንሞክረው። ኑሮ ከብዶት ቤተሰቡ ልብሱንና ሕክምናውን ትቶ ገንዘቡን ወደ ምግብ አዞረ እንበል፤ የምግብ ድርሻው 60 ከመቶ ሆነ። ወለሉ በዚህ አዲስ ድርሻ ቢሰላ 3,772 ለ0.60 ሲካፈል 6,287 ብር ይመጣል። ሰዎቹ ይበልጥ ተቸገሩ፣ ወለሉ ግን በ900 ብር ገደማ ወረደ። ትናንት ከወለሉ በታች የነበረ ሰው ዛሬ ምንም ሳይጨመርለት ከወለሉ በላይ ሊቆጠር ይችላል።

ይህን ለመከላከል ድርሻውን አለመንካት ይቻላል። የ2003 ዓ.ም. ወለል 3,781 ብር፣ የምግቡ 1,985 ብር ነበር። አካፍሏቸው፤ እንደገና 52.5 ከመቶ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ዋጋው ታድሷል፣ የኑሮው ቅንብር ግን እንዳለ ነው። ወደ 1988 ዓ.ም. ከሄዳችሁ ደግሞ ከ1,075 ብር ውስጥ 648ቱ የምግብ ስለነበር ድርሻው 60 ከመቶ ነው። በመካከሉ ከምግብ ውጪ ያለው ፍላጎት ከ40 ወደ 47.5 ከመቶ አድጓል ማለት ነው። «ፍጹም» የተባለው ወለል አገሬው የሚኖረውን ኑሮ እያየ ተንቀሳቅሷል። አንጻራዊነቱ በጓሮ በር ገብቷል፤ በይፋ ያልተነገረን እሱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሲቦም ራውንትሪ በ1899 እ.ኤ.አ. በዮርክ ከተማ ድህነትን ሲለካ የያዘው አካልን በጤና ለማቆየት ብቻ የሚበቃ ወጪ ነበር፤ ለጋዜጣም ለባቡር ቲኬትም ምንም አልመደበም። በ1936 እ.ኤ.አ. እዚያው ከተማ ተመልሶ ሲለካ ግን ጋዜጣንና ሬዲዮን በዝርዝሩ አስገባ። የፍጹም ድህነት አባት የሚባለው ሰው ራሱ ወለሉን ከዘመኑ ጋር አንስቶታል።

የሶሲዮሎጂ ሊቃውንቱ ጠብ የጦፈው ፒተር ታውንሴንድ በይፋ ሲወጣበት ነው። በ1968 እና 69 እ.ኤ.አ. የሰበሰበውን መረጃ በ1979 ሲያሳትም ድሃ ማለት በሚኖርበት ማኅበረሰብ ዘንድ የተለመደውን ኑሮ ለመኖር አቅም ያጣ ሰው ነው አለ። ያንኑ አንድ መረጃ በሦስት መንገድ ለካው። በብሪታንያ መንግሥት መስፈርት 6 ከመቶ ገደማ ድሃ ሆነ፤ ከአማካይ ገቢ ጋር ሲነጻጸር 9 ከመቶ ገደማ፤ በራሱ የእጦት መለኪያ 23 ከመቶ ገደማ። ሰዎቹም ዓመቱም አልተለወጡም።

ዴቪድ ፒያሹ የተባለ ምሁር ወዲያው ያዘው። በታውንሴንድ ዝርዝር ውስጥ ትኩስ ቁርስ አለመብላት እንደ እጦት ይቆጠር ነበር፤ ቁርስ የማይወድ ባለጸጋስ? ትችቱ ልክ ነበር። መፍትሔውን በ1983 እ.ኤ.አ. ያመጡት ጆአና ማክና ስቱዋርት ላንስሊ ናቸው። መጀመሪያ ሕዝቡን «ማንም ሰው ሊያጣው የማይገባው ነገር የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ከግማሽ በላይ የተስማማበትን ብቻ ያዙ። ቀጥሎ የሌለውን ሰው «ስለማትፈልገው ነው ወይስ ስላልቻልክ?» አሉት። እጦት ተብሎ የተመዘገበው ሁለተኛው ብቻ ነው።

የታውንሴንድን ሐሳብ ብወድም ከባዱን ምት የሰነዘረው አማርትያ ሴን መሆኑን አልክድም። የወሎን ረሃብ ያጠናው ሴን፣ ሁሉም እኩል በተራበበት አገር አንጻራዊ መለኪያ ድሃ አያገኝም አለ። በብሪታንያም በ2010/11 እ.ኤ.አ. የመካከለኛው ቤተሰብ ገቢ ሲወድቅ፣ ከዚያ ገቢ 60 ከመቶ በታች የሚኖሩት ሕጻናት ድርሻ ከ20 ወደ 18 ከመቶ ወረደ፤ አገር ሲደኸይ ድህነት ቀነሰ። የሴን ማስታረቂያ ይህ ነው፦ ሰው ሊያደርገው የሚገባው ነገር ቋሚ ነው፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ዕቃ ግን እንደ አገሩና ዘመኑ ይለያያል። ጎረቤት ሲሞት ሳያፍሩ ለቅሶ መድረስ የትም አገር አንድ ነው። ለዚያ የሚከፈለው የእድር መዋጮ ግን አዲስ አበባና ደብረ ታቦር አንድ አይደለም፤ በምግብ ድርሻ ስሌት ውስጥም አይታይም።

መዘዙ ብዙ ነው። የሴፍቲኔት ተረጂ የሚመረጥበት መስፈርትና የበጀት ድልድል በዚህ ዓይነት ቁጥር ላይ ይቆማሉ፤ ወለሉ ኪራይን ካላየ ከተማ ውስጥ ያለው ችግረኛ አይታይም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቀጣዩን መጠይቅ ሲያዘጋጅ «ስላልቻልኩ» እና «ስላልፈለግኩ» የሚሉትን ሁለት መልሶች ቢጨምር ወጪው ሁለት ተጨማሪ ሣጥን ማተም ነው። አንባቢም ቀጣዩ ሪፖርት ሲወጣ የድህነቱን መቶኛ ከመጥቀሱ በፊት የምግቡን ወለል ለጠቅላላው ወለል ያካፍል፤ አሁንም 52.5 ከመጣ የኪራዩን ጉዳይ ያነሳው የለም ማለት ነው።