ካርዳኑ ሲረዝም

የጭነት መኪና ሻንሲ ሲረዘም ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻሉ ያለው ርቀት ይጨምራል፤ ካርዳኑም አብሮ ይረዝማል። ቶርኖ ቤቱ አሮጌውን ቱቦ ቆርጦ ረዘም ያለ ይበይድበታል፣ ጫፎቹን ያቃናል፣ ባላንስ አድርጎ ይሰጣል። መኪናው ከተማ ውስጥ ያለ እንከን ይሄዳል። አውራ ጎዳና ላይ ወጥቶ ፍጥነት ሲጨምር ግን ከወለሉ ሥር ጉምጉምታ ይነሳል፣ ወንበሩ መንዘር ይጀምራል። ክሮቼራው ይቀየራል፣ ካርዳኑ እንደገና ባላንስ ይደረጋል፤ ንዝረቱ ግን በዚያው ፍጥነት ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ቶሎ መጠርጠር ያለበት የካርዳኑ ርዝመት ነው።

ማንኛውም ዘንግ በመዶሻ ቢመታ በራሱ ምት ይነዝራል። ረጅምና ቀጭን ከሆነ ምቱ ዝግ ይላል፤ አጭርና ወፍራም ከሆነ ይፈጥናል። ዘንጉ በሰከንድ የሚዞረው ዙር ከዚህ የራሱ ምት ጋር እኩል ሲሆን ሬዞናንስ ይፈጠራል፤ ያ ፍጥነት ወሳኝ ፍጥነት ይባላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ጉድለት ነው። ምንም ያህል ተጠንቅቆ ቢሠራ የዘንጉ የክብደት መሃል ከመዞሪያ መሃሉ ጋር በትክክል አይገጥምም። ልዩነቱ 0.1 ሚሊሜትር ነው እንበል። ዘንጉ ሲዞር ያ ልዩነት ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ዘንጉ ትንሽ ይጎብጣል፤ መጉበጡ ክብደቱን ከመሃል ይበልጥ ያርቀዋል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ወደ ቦታው የሚመልሰው የብረቱ ግትርነት ብቻ ነው። በወሳኙ ፍጥነት ግማሽ ላይ ጉብጠቱ 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ማንም አይሰማውም። በ75 በመቶ ላይ 0.13 ይሆናል፤ በ90 በመቶ 0.43፣ በ95 በመቶ ደግሞ 0.93 ሚሊሜትር ይደርሳል። ወሳኙ ፍጥነት ላይ ሲደረስ ግፊቱና ግትርነቱ እኩል ይሆኑና ጉብጠቱን በስሌት የሚያቆመው ነገር አይኖርም። ዘንጉ ልጆች እንደሚዘሉበት ገመድ ቀስት ሠርቶ ይዞራል።

ባላንስ ማድረግ የማያድነው ለዚህ ነው። ባላንስ ያንን 0.1 ሚሊሜትር ይቀንሰዋል እንጂ ወሳኙን ፍጥነት ከቦታው አያንቀሳቅሰውም።

አንድ ካርዳን ወስዶ ማስላት ይቻላል። ቱቦው ብረት ነው፤ የውጭ ዲያሜትሩ 76 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ነው። ከክሮቼራ እስከ ክሮቼራ ያለው ርዝመት 1.5 ሜትር ሲሆን ወሳኝ ፍጥነቱ በደቂቃ 5,600 ዙር ገደማ ይወጣል። ያው ቱቦ ወደ 2 ሜትር ሲረዝም ወደ 3,170 ዙር ይወርዳል። የተጨመረው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ሊቀንስ ጥቂት ቀረው። ምክንያቱም ወሳኙ ፍጥነት የሚቀንሰው በርዝመቱ ካሬ ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ ሩብ ይሆናል።

አሁን መንገድ ላይ እንውጣ። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4.1 ከሆነ፣ መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካርዳኑ በደቂቃ 3,100 ዙር ያህል ይዞራል። የረዘመው ካርዳን ወሳኝ ፍጥነት ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። እውነተኛው ወሳኝ ፍጥነት ደግሞ ከተሰላው ዝቅ ይላል፤ የጫፎቹ ክብደት አለ፣ ኩሽኔታዎቹና የተሸከሟቸው ብረቶችም ይለጠጣሉ። በሙያው ከተሰላው ቁጥር 75 በመቶ ገደማ እንዳይታለፍ የሚደረገው ለዚህ ነው። በዚህ ልክ ሲሄድ የ2 ሜትሩ ካርዳን ከ76 ኪሎ ሜትር በላይ ሊነዳ አይገባም፤ የ1.5 ሜትሩ ግን 120 ላይም ከልኩ አይወጣም።

ንዝረቱ ከየት እንደመጣ መለየት ከባድ አይደለም። በዚያው የመኪና ፍጥነት ማርሽ ሲቀየር የሞተሩ ዙር ይለወጣል፤ ንዝረቱ ካልተለወጠ ምንጩ ከካምቢዮው በኋላ ነው። የጎማ ባላንስ ችግር በ100 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በመሪው ላይ እንደ መወዝወዝ ይሰማል። የካርዳኑ ግን በሰከንድ 52 ጊዜ ያህል ስለሆነ እንደ ጉምጉምታ ወለሉን ይዞ ይመጣል። ሌላም ምልክት አለ፤ አንግል ይዞ የሚሠራ ክሮቼራ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይገፋል፤ ስለዚህ በወሳኙ ፍጥነት ግማሽ ላይም፣ በዚህ መኪና 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ ቀለል ያለ ንዝረት ሊሰማ ይችላል።

ብዙዎች መፍትሔው ቱቦውን በድፍን ብረት መተካት ይመስላቸዋል። አይደለም። ውስጡ ድፍን የሆነ 76 ሚሊሜትር ዘንግ በ2 ሜትር ርዝመት ወሳኝ ፍጥነቱ 2,300 ዙር ገደማ ነው፤ ከቱቦው በብዙ ያንሳል። በመሃል ያለው ብረት ክብደት ይጨምራል እንጂ ለግትርነቱ የሚያዋጣው ጥቂት ነው። የሚጠቅመው የቱቦውን ዲያሜትር ማስፋት ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ በ90 ሚሊሜትር ቱቦ ፍጥነቱ ወደ 3,770 ዙር ከፍ ይላል። አሉሚኒየምም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ቀላል ቢሆንም በዚያው መጠን ስለሚለጠጥ ውጤቱ ከብረት ጋር ተቀራራቢ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ርዝመቱን ለሁለት መክፈል ነው። ካርዳኑ ሁለት አንድ አንድ ሜትር ቁራጭ ሆኖ በመካከል ኩሽኔታ ሲገባበት የእያንዳንዱ ቁራጭ ወሳኝ ፍጥነት አራት እጥፍ አድጎ ከ12,000 ዙር በላይ ይሆናል። ረጃጅም መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የመሃል ኩሽኔታ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ነገር ግን ኩሽኔታው የሚታሰርበት የሻንሲ አግዳሚ ጠንካራ መሆን አለበት፤ እሱ ከተወዛወዘ ወይም የኩሽኔታው ጎማ ከላላ ካርዳኑ እንደገና እንደ አንድ ረጅም ዘንግ ይሆናል።

ከወሳኙ ፍጥነት በታች መቆየት ብቸኛው መንገድ ተደርጎ የታየበት ዘመን ነበር። ስኮትላንዳዊው ራንኪን በ1869 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ ዘንግ ያንን ፍጥነት አልፎ ተረጋግቶ ሊዞር አይችልም ብሎ ነበር። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዴ ላቫል ግን በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቂቃ 30,000 ዙር የሚደርስ የእንፋሎት ተርባይኑን ሆን ብሎ በቀጭንና ተለጣጭ ዘንግ ላይ ሰቀለው። ወሳኙ ፍጥነት በቶሎ ከታለፈ በኋላ ዘንጉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በላይ ጉብጠቱ አቅጣጫውን ለውጦ የክብደቱን መሃል ወደ መዞሪያው መሃል ይመልሰዋልና። ጀርመናዊው ፎፕል በ1895፣ አየርላንዳዊው ጄፍኮት ደግሞ በ1919 ምክንያቱን በሒሳብ አስረዱ። ዛሬም ብዙ ትልልቅ ተርባይኖች ከመጀመሪያው ወሳኝ ፍጥነት በላይ ይሠራሉ፤ ኦፕሬተሮቻቸውም በሚነሱበት ጊዜ እዚያ ፍጥነት ላይ እንዲቆዩ አይፈቅዱም።

መኪና ላይ ይህ አይሠራም። አሽከርካሪ ደስ ባለው ፍጥነት ለሰዓታት ሊነዳ ይችላል፤ ያንን ፍጥነት በቶሎ እለፍ የሚለው የለም። ስለዚህ ሻንሲ የሚያስረዝም ባለንብረት ቱቦው ከመቆረጡ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ለባለሙያው ይስጥ፤ ከክሮቼራ እስከ ክሮቼራ የሚሆነውን ርዝመት፣ የቱቦውን ዲያሜትር፣ መኪናው የሚሄድበትን ከፍተኛ ፍጥነት ከነዲፈረንሻሉ ምጥጥንና ከነጎማው ዙሪያ። ስሌቱ ከ75 በመቶው ካለፈ ሥራው በመሃል ኩሽኔታ ይሠራ።