ኔትዎርክ ሲጠፋ ካርድ እንዴት ይከፍላል?

«ኔትዎርክ የለም» ከተባለ ብዙውን ጊዜ ግብይቱ ይቆማል። በስልክ *127# ብለን በቴሌብር ስንከፍል ኢንተርኔት ባያስፈልግም የስልክ መስመር ግን የግድ ነው፤ ገንዘቡ የተመዘገበው ስልኩ ውስጥ ሳይሆን በማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ ነውና። ይሁን እንጂ በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጥ መንገደኛው በካርድ ዕቃ ሲገዛ ይታያል። ታዲያ ባንኩ ሳይጠየቅ «እሺ» ያለው ማን ነው?

መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ውሳኔው ለካርዱ ቺፕ ይተዋል። ቺፑ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ያለ ባንክ ስንት ጊዜና እስከ ስንት ብር መክፈል እንደሚቻል ባንኩ አስቀድሞ ጭኖበታል። ማሽኑ ካርዱ ሐሰተኛ አለመሆኑን በዲጂታል ፊርማው ይመረምራል፤ ቺፑ ደግሞ የእስከ አሁኑን ድምር ቆጥሮ ከጣሪያው ካላለፈ ይፈቅዳል። ካለፈ «ባንኩን ጠይቁ» ይላል፤ መጠየቅ ካልተቻለ ክፍያው ይቀራል። ቺፑ ገደቡን እንጂ በባንክ ያለውን ቀሪ ሒሳብ እንደማያውቅ ልብ ይሏል።

በሁለተኛው መንገድ ማሽኑ ክፍያውን መዝግቦ ያቆይና ኔትዎርክ ሲመጣ ይልከዋል። እዚህ ላይ ማንም አልፈቀደም። ደረሰኝ ቢወጣም ነጋዴው ዕቃውን የሰጠው በዱቤ ነው ማለት ይቻላል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ባንክ ውስጥ 1000 ብር አለው እንበል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከአንድ ሱቅ በ800 ብር፣ 5 ሰዓት ላይ ከሌላ ሱቅ በ700 ብር ዕቃ ገዛ። ሁለቱም ማሽኖች መዝግበው አቆዩ። ከሰዓት በኋላ ኔትዎርክ ሲመጣ የሁለተኛው ሱቅ ማሽን ቀድሞ ላከ፤ 700 ብር ተቀነሰና 300 ቀረ። የ800 ብሩ ጥያቄ ሲደርስ ባንኩ መለሰው። ቀድሞ የሸጠው ነጋዴ ከሰረ፤ ባንኩ የሚያስተናግደው በደረሰው ተራ እንጂ በተሸጠበት ሰዓት አይደለምና። ውሳኔው የቺፑ ቢሆንና ጣሪያውም 1200 ብር ቢሆን ኖሮ፣ 800 እና 700 ሲደመር 1500 ስለሚሆን ሁለተኛው ግዢ እዚያው ሱቅ ውስጥ በቀረ ነበር።

መዘግየቱ ሌላም ጣጣ አለው። የተሰረቀ ካርድ ባለቤቱ ቢያሳግደውም ወሬው ከባንኩ ወደተቆረጠው ማሽን አይደርስም። ማሽኑ ሳይልክ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ የቀኑ ሽያጭ አብሮ ይጠፋል። ገንዘብ ያዡ «አልሰራም» ብሎ ካርዱን ደግሞ ካስገባው ደግሞ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ስለዚህ ነጋዴው ማታ ማሽኑን ከማጥፋቱ በፊት ያልተላከ ክፍያ መኖር አለመኖሩን ይይ፤ በማግስቱም ደረሰኞቹን ባንክ ከገባለት ገንዘብ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር። ገዢውም ቢሆን ዛሬ ያልተቀነሰ ገንዘብ ነገ ሊቀነስ እንደሚችል አውቆ ደረሰኙን ይያዝ።