ቅዳሜ ቀበና ወንዝ የምንወርደው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በመጪው ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዤ ቀበና ወንዝ ልወርድ ነው። «ያን የሚሸት ውሃ ሊያዩ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ቀበና ከእንጦጦ ተነሥቶ ከተማችንን አቋርጦ ትልቁ አቃቂን ይቀላቀላል። አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ልጆቹ አዋሽን ካርታ ላይ በጣታቸው ያሳያሉ፤ ደጃቸው የሚያልፈው ወንዝ በሰከንድ ስንት ውሃ እንደሚያወርድ ግን ለክተው አያውቁም።

የሚለኩትም በብርቱካን ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነፋስ እየገፋ ያታልላል፤ ብርቱካን ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ከወራጁ ጋር ይሄዳል። ዳርና ዳር 10 ሜትር ለክተን፣ ከላይኛው ምልክት ለቀን፣ ታችኛው እስኪደርስ ሰዓት እንይዛለን። 20 ሰከንድ ከፈጀበት የውሃው ፊት በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ታችኛው ውሃ ከድንጋይና ከአሸዋ ጋር እየታገለ ስለሚዘገይ፣ ያገኘነውን በ0.85 እናባዛለን። የወንዙ ስፋት 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚያልፈው ውሃ በሰከንድ 425 ሊትር ይሆናል፤ ከሁለት በርሜል ይበልጣል። ብርቱካኑ ቆሻሻ ወይም ድንጋይ ከያዘው ያ ሙከራ ይጣላል፤ ስለዚህ ደጋግመን ለቀን አማካዩን እንወስዳለን።

ጥልቀቱን ለመለካት ውሃ ውስጥ የምንገባው እኔና አብሮኝ የሚመጣው መምህር ብቻ ነን፤ ያውም ከጉልበት በታች በሆነበት ቦታ። ልጆቹ ዳር ቆመው ይመዘግባሉ። ከየቤቱ ፍሳሽ ስለሚገባበት ውሃውን ማንም በባዶ እጁ አይነካም።

እኔን ከሽታው ይልቅ የሚያሳስበኝ ደራሽ ውሃ ነው። ክረምቱ ቢወጣም፣ እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ዳገቱ ቁልቁለት ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይደርሳል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማውረድ ከጀመረ ወይም ድምፁ ከጨመረ፣ ዕቃውን ትተን ወደ ላይ እንወጣለን። የእንጦጦ ራስ ጠዋት ከጠቆረ ግን ጉዞው ለሌላ ቅዳሜ ይተላለፋል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከትምህርት ቤት ተነሥተን 6 ሰዓት ላይ እንመለሳለን። የተዘጋ ጫማ፣ ሙሉ ሱሪ፣ ጓንትና የሚጠጣ ውሃ ይያዙ። እጁ ወይም እግሩ ላይ ቁስል ያለበት፣ አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ዳር ሆኖ ሰዓት የሚይዝበት ሥራ እሰጠዋለሁ። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ፤ ያልተፈረመለትን ልጅ ይዤ አልወጣም።

የጂኦግራፊ መምህራቸው