«አጎታችሁ ነው» ከማለት በፊት

ከፍቺ በኋላ አዲስ ሰው ወደ ቤት ሲመጣ፣ ለልጆች ብዙ ጊዜ «አጎታችሁ ነው» ወይም «የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ነው» ይባላል። ልጆች ግን የእናታቸውን ፊትና የስልክ አነጋገሯን ያስተውላሉ። እውነቱ ሲወጣ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን የእናታቸውንም ቃል መጠርጠር ይጀምራሉ።

አዲስ አበባ የምትኖር፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ያላት እናት እናስብ። አባታቸው በየእሑዱ ይወስዳቸዋል። ነገሩ ወደ ትዳር እንደሚያመራ እርሷና ሰውየው እስኪተማመኑ ድረስ ልጆቹን ባታገናኝ ይሻላል፤ ከለመዱት በኋላ ቢቀር ሌላ መለየት ይሆንባቸዋል።

ጊዜው ሲደርስ አስቀድማ ለአባታቸው ትንገረው። «ልጆቹ ከአንድ ሰው ጋር ሊተዋወቁ ነው፤ ከእነሱ አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው» ማለት ይበቃል። ይህ ካልሆነ ልጆቹ እሑድ እሑድ ምሥጢር ተሸክመው ይሄዳሉ። የቀድሞው ባል የሚደበድብ ወይም የሚያስፈራራ ከነበረ ግን ደኅንነቷን ታስቀድም።

ለልጆቹ ለየብቻ ብትነግራቸው ጥሩ ነው። ትንሹ «አባቢ እሑድ ይመጣል አይደል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» የሚለውን መልስ ደጋግሞ መስማት ይፈልጋል። ትልቋ ዝም ልትል ትችላለች። ዝምታዋ ብዙ ጊዜ ጥላቻ አይደለም፤ ይህን ሰው ብወደው አባቴን ከዳሁት ማለት ነው ብላ ስለምትፈራ ነው። «መውደድ አይጠበቅብሽም፤ በአክብሮት ሰላም ማለት ብቻ ነው» ብትባል ትንሽ ትተነፍሳለች።

የመጀመሪያው ቀን ከቤት ውጭ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሁን። እንጦጦ ፓርክ እየተራመዱ መጫወት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመተያየት ይቀላል። ሰውየው ትልቅ ስጦታ አያምጣ፤ ሁለቱም በልጆቹ ፊት አይተቃቀፉ። ልጆቹ ሳይሰለቹ ይለያዩ። ቀጣዩ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ቤት መጥቶ ማደር ገና ሩቅ ነው።

ብዙ ቤት የሚበላሸው ግን ከዚህ በኋላ፣ ሰውየው ልጆቹን መቅጣት ሲጀምር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜቪስ ሄዘሪንግተን የተፋቱና እንደገና ያገቡ ቤተሰቦችን ለብዙ ዓመታት ተከታትላለች። ወደ ጉርምስና የሚገቡ ልጆች እንጀራ አባትን ለመቀበል ይበልጥ እንደሚቸገሩ አይታለች። መጀመሪያ ቀርቦ የእናትየዋን ደንብ የሚደግፍ እንጀራ አባት፣ ገና ሲገባ ልቅጣ ከሚለው የተሻለ ይሳካለታል። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ካለ «እናትህ ምን ብላ ነበር?» ይበል፤ ቅጣቱ የእሷ ነው።

ትንሹ አልጋው ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ትልቋን ሰውየው በሚመጣበት ቀን ሆዷን ካመማት፣ ፍጥነቱ በዝቶባቸዋልና ጉብኝቱን ማራራቅ ይገባል። ልጅ ሰውየውን እንደፈራው ወይም ደስ በማይለው ሁኔታ እንደነካው ከተናገረ ግን ይህ የመልመድ ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያው መለየትና ልጁን ማመን ያስፈልጋል።

አያቶችና አክስቶች ሆይ፣ «አባዬ በለው» እያላችሁ አትጎትጉቱ። ልጁ «ጋሼ» ብሎ በስሙ ይጥራው፤ ሌላውን ራሱ ይምረጥ።