ሁለት መስመር ሲወጣ፣ እርግዝና ሳይኖር

ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት የእርግዝና መመርመሪያ በሽንት ውስጥ የሚፈልገው ኤች ሲ ጂ የተባለውን ሆርሞን ነው። ጽንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ፣ በኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆነው ክፍል ይህን ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ከየት እንደመጣ ግን መመርመሪያው አይለይም።

ለመውለድ ሕክምና የምትከታተል ሴት እንቁላሏ ሲደርስ፣ ሐኪሙ እንቁላሉ እንዲለቀቅ የሚያደርግ መርፌ ሊያዝላት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ራሱ ኤች ሲ ጂ ሲሆን፣ መጠኑ 5,000 ወይም 10,000 ዩኒት ነው። ሆርሞኑ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገውን የሰውነት ሆርሞን ስለሚመስል፣ እንቁላሉ ከመርፌው 36 ሰዓት ገደማ በኋላ ይለቀቃል። መድኃኒቱ ግን በደም ውስጥ ይቆያል። ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

አንዲት ሴት ሰኞ ማታ መርፌውን ተወጋች እንበል። እንቁላሉ የሚለቀቀው ረቡዕ ገደማ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ብትመረመር ሁለት መስመር ልታይ ትችላለች። ጽንስ የሚጣበቀው ግን እንቁላሉ ከተለቀቀ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ የዚያን ዕለት ያየችው መስመር የመርፌው ሊሆን ይችላል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግማ ብታይ መስመሩ ከደበዘዘ፣ መድኃኒቱ እየወጣ መሆኑን ያመለክታል። የመስመር ድምቀት ግን በሽንቱ መጠንና ቅጥነት ስለሚለዋወጥ በእሱ ብቻ መወሰን አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሞች ከመርፌው ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የደም ምርመራ ያዛሉ፤ በ48 ሰዓት ልዩነትም ይደግሙታል። የመድኃኒት ቅሪት ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል፤ በደህና እያደገ ባለ እርግዝና ግን በግልጽ ይጨምራል።

እንቁላል የሚያሳድጉ ክኒኖች፣ እንደ ክሎሚፊን ያሉት፣ ኤች ሲ ጂ ስለሌላቸው ይህን ውጤት አያመጡም። ፕሮጄስትሮንም እንዲሁ።

ብዙዎች በእንቁላል ማምረቻቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ሲስት ሲገኝ ምርመራውን ያሳስተው ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። ተራ ሲስትም ሆነ ፒሲኦኤስ የሚባለው ችግር ኤች ሲ ጂ አያመነጩም። ይህን የሚያደርጉት ከእንቁላል ዘር ሴሎች የሚነሱ ጥቂት ዕጢዎች ናቸው። እነዚህ አልፎ አልፎ ብቻ ሲገኙ፣ በብዛት የሚታዩትም በወጣት ሴቶች ላይ ነው።

መርፌ ሳይኖር የደሙ ቁጥር ከፍ ብሎ ከቆየና በአልትራሳውንድ ማህፀን ውስጥ ምንም ካልታየ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያጣራው ከማህፀን ውጪ የተያዘ እርግዝናን ነው፤ ከዕጢ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነውና። ምርመራው ፖዘቲቭ ሆኖ በአንድ ጎን ጠንካራ ሕመም፣ መድማት ወይም ራስን መሳት ከመጣ፣ የመርፌ ቅሪት ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።