በአዳራሹ በር ላይ፦ ፊርማ ወይስ ስካን?

የአክሲዮን ማኅበር ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤው ሳይሟላ አይጀመርም። ምልዓተ ጉባኤው የሚለካው ደግሞ በአክሲዮን እንጂ በሰው ብዛት ስላልሆነ፣ በር ላይ ያለው መዝጋቢ የገባውን ሰው መለየት ብቻ ሳይሆን ድርሻውንም መደመር አለበት።

1,200 ባለአክሲዮኖች በአራት ጠረጴዛ ይመዘገባሉ እንበል። ከወረቀት ላይ ስም ፈልጎ ማስፈረም ለአንድ ሰው 40 ሰከንድ ቢወስድ፣ ምዝገባው የሚያልቀው ከ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ኪውአር ኮድ ስካን ማድረግ 8 ሰከንድ ቢፈጅ ግን 40 ደቂቃ ይበቃል። የአክሲዮኑ ድምርም ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይታያል።

ፍጥነቱ የሚሰናከለው ኮዱን ረስቶ በመጣ ሰው ነው። ያኔ በስም ይፈለጋል፤ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችው ሴት «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ ኮምፒውተሩ የለችም ይላል። በወረቀት ላይ ስሟ ሌላ ገጽ ላይ ቢሆንም ዓይን ያገኘዋል። ፕሮግራሙ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልተደረገ፣ በስልክ ቁጥር መፈለግ ይሻላል።

ወረቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ወረፋው ሲጠብቅ ሰው በጎረቤቱ መስመር ላይ ይፈርማል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ትክክለኛው ባለስም ሲመጣ ነው።

ስካን በበኩሉ የኮዱን ፎቶ ለሌላ ሰው የላከን አይለይም፤ መታወቂያ ማየት የግድ ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ መሣሪያዎቹ ካልተገናኙም አንድ ኮድ በሁለት ጠረጴዛ ሊያልፍ፣ አክሲዮኑም ሁለት ጊዜ ሊደመር ይችላል። ጠንቃቃ አዘጋጆች ለዚህ ሲሉ መሣሪያዎቹን ከኢንተርኔት ይልቅ አዳራሹ ውስጥ በተተከለ ራውተር ያገናኛሉ፤ የታተመ ዝርዝርም ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጣሉ።